«ደህና ነኝ» እያለ የሚዝል ሠራተኛ

የጉዞው ዕለት ጠዋት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ከአልጋው መነሳት አቃተው። ቤተሰቡ አብሮት ለእረፍት ሊበር ተሰናድቷል፤ እሱ ግን እግሩን ከአልጋው ማውረድ እንኳ ከበደው። አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሄደ። ትኩሳት የለውም፣ የደረሰበት አደጋም የለም። ማታ እንደ ልማዱ ሲሠራ አምሽቶ ነበር የተኛው።

ሰውዬው የሰውን ጭንቀት ሲያዳምጥ የሚውል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ጀርመን ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከናዚዎች አምልጦ ኒውዮርክ የገባ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መባቻ ቀን ቀን በግል ክሊኒኩ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ታካሚዎችን ያያል። ሲመሽ ደግሞ ኢስት ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ነጻ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያ በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱና የሚታከሙበት የሌላቸው ወጣቶች ያለ ክፍያ ይረዱ ነበር፤ የሚረዷቸውም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፍሮይደንበርገር ቤቱ የሚገባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ድካሙ በባሰ ቁጥር ደግሞ ሥራውን ይቀንስ እንደሆን እንጂ ይጨምራል የሚል አይኖርም፤ እሱ ግን ጨመረ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ያደረገው ነገር ዛሬም ያስገርማል። ቴፕ መቅጃ አውጥቶ ስለ ራሱ ሁኔታ ተናገረ፤ ቀጥሎ ካሴቱን የታካሚ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሆኖ ሰማው። ካሴቱ ላይ ያለው ሰው የደከመ ብቻ አልነበረም። ቁጣ አለበት፣ ኀዘን አለበት፣ በጥፋተኝነት ስሜት ታፍኗል። ለወራት ለራሱ ሲነግረው የኖረው ታሪክና የገዛ ድምፁ አልገጠሙም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ይህን ሁኔታ «በርንአውት» ብሎ ጠራው፤ ነድዶ ማለቅ እንደ ማለት ነው። ቃሉ ከዚያው ከክሊኒኩ አካባቢ የተገኘ ነው። ዕፅ ሲወስዱ ኖረው ውስጣቸው ለተሟጠጠ ሰዎች ይነገር ነበር። በአማርኛ የሥራ ዝለት ብንለው ያስኬዳል።

በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ዝለት ቀድሞ የሚይዘው ለሥራው ግድ የሌለውን ሰው ሳይሆን ራሱን ለሥራው የሰጠውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሥራ ከጀመረ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ይታያል። ሁለተኛው፣ ምልክቱ በመጀመሪያ ስንፍና አይመስልም፤ ትጋት ይመስላል። ፍሮይደንበርገር እንዳስተዋለው፣ የሚዝለው ሰው ሥራ ቦታ የሚያሳልፈው ሰዓት እየበዛ ይሄዳል፤ ሠርቶ የሚጨርሰው ግን እያነሰ ይመጣል። ከዚህ ጋር የማይለቅ ጉንፋን፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና የእንቅልፍ እጦት፣ በትንሽ ነገር ቶሎ መቆጣት አብረው ይታያሉ።

አለቃውም ሆነ የሥራ ባልደረባው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን ያያል፣ መብራቱ እስከ ምሽት ሲበራ ያያል፣ «ይህ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው» ይላል። ከሰዓቱ ጎን ሥራውን አስቀምጦ የሚያነጻጽር ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። በአንዲት ሴት ላይ የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ምልክቶቹ እንዴት እየተከታተሉ እንደሚመጡ ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ሴትዮዋ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በየካቲት አንድ ባልደረባዋ ለቀቀ፤ በቦታው ሰው አልተቀጠረም። ፔይሮሉ ወደ እሷ ዞረ። «ለጊዜው ነው» ተባለች፤ እሷም «ችግር የለም» አለች።

በመጋቢት ምንም አልታየም። እንዲያውም በዚያ ወር ከመቼውም ይልቅ ፈጣን ነበረች። በሚያዝያ ከሥራ መውጫዋ ከ11፡30 ተነስቶ ወደ 2፡30 ማታ ሄደ። ምሳዋን ኮምፒውተሯ ፊት መብላት ጀመረች። ሦስት ሰዎች አብረው የሚጠጡት የአሥር ሰዓት ቡና ላይ መታየት ተወች፤ ቡናውን ግን አልተወችም፤ ጠረጴዛዋ ድረስ ይመጣላታል፤ ከአንድ ስኒም ሦስት ደርሷል። በሰውነት ውስጥ ያለ ካፌይን ግማሽ የሚሆነው ከአምስት ሰዓት በኋላ አካባቢ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ከጠጣችው ውስጥ ግማሹ ማታ ሦስት ሰዓት ላይም ደሟ ውስጥ አለ ማለት ነው። ተኝታ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ ትነቃለች፤ ዓይኗ እንደፈጠጠ ስለ ነገው ሥራ ታስባለች። ጠዋት ያልተኛችበትን ለማካካስ እንደገና ቡና።

ግንቦት ላይ የባንክ ማስታረቂያ ስትሠራ 900 ብር ልዩነት ወጣባት። ማንኛውም ልምድ ያለው የሂሳብ ሰው ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረው እንደሆነ ይጠረጥራል። 54,300 መሆን የነበረበት 53,400 ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ለጀማሪዎች የምታስተምረው እሷ ናት። የዚያን ቀን ግን ሐሳቡ አልመጣላትም። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ደረሰኝ ስታገላብጥ ዋለች፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አገኘችው። ድሮ አሥር ደቂቃ ይወስድባት ነበር።

ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትናገራለች። እውቀቷ አልጠፋም። የጠፋው በድካም ውስጥ ሆኖ ያንን እውቀት በሰዓቱ የመጥራት አቅም ነው። እንቅልፍ ሲያንስ ትኩረት ይሰንፋል፤ ትኩረት ሲሰንፍ ስህተት ይመጣል፤ ስህተት የሚፈራ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ሥራውን ሁለቴ ሦስቴ ያያል። ሁለቴ ማየት ሰዓት ይበላል፤ ሰዓቱ የሚመጣው ከእንቅልፍ ነው። ክበቡ እንዲህ ይዞራል፤ የሚያዞረውም ስንፍና ሳይሆን ኃላፊነት መውደዷ ነው። ግድ የለሽ ሠራተኛ ልዩነቱን አይቶ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ሰኔ መጣ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ በሂሳብ ክፍል ውስጥ ያለ ሁሉ በዚያ ወር ይደክማል። ስለዚህ ማንም ልዩ ነገር አላየባትም። እውነቱን ለመናገር ሰኔ ምንም አያሳይም፤ የሚያሳየው ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ሌሎቹ ተነፈሱ፣ አንዳንዱም የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ወደ አገር ቤት ሄደ። እሷ ግን አልተመለሰችም። የግብር ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ እያለው በሐምሌ ልትጨርሰው ተነሳች። ለሥራ ባልደረባዋ የሚላኩት የቴሌግራም መልእክቶች እኩለ ሌሊት ላይ መድረስ ጀመሩ። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ያልተሟላ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ፣ ድሮ «ና፣ እንዴት እንደሚሞላ ላሳይህ» ትለው የነበረችው፣ አሁን ቀና ሳትል «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» አለችው።

ተራ ድካምንና ዝለትን የሚለየው አንዱ ነጥብ ይህ ነው። ተራ ድካም ምክንያቱ ሲያልፍ ያልፋል። ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል፤ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ዝለት ግን ምክንያቱ ካለፈም በኋላ ይቀራል፤ ሰውዬውም እረፍቱን መውሰድ ይሳነዋል።

ክሪስቲና ማስላክ የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከፍሮይደንበርገር ጋር በአንድ ዘመን፣ በሌላው የአሜሪካ ጫፍ፣ ይህንኑ ጉዳይ ስታጠና ነበር። ከሰዎች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ስታነጋግር ዝለት ሦስት ገጽታ እንዳለው አየች። የመጀመሪያው የኃይል መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራውና ሥራው ከሚያገናኘን ሰዎች ልብን ማራቅ ነው፤ ደረሰኝ ይዞ የመጣውን ልጅ «እናንተ» ማለት ከዚህ ይመደባል። ሦስተኛው ደግሞ «የምሠራው ምንም አይረባም» የሚል ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ዝለትን በእነዚሁ ሦስት ገጽታዎች ገልጾታል። ሆኖም በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። በአግባቡ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር ብቻ የተያያዘ ክስተት ነው ይለዋል። ትርጉሙ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ምንጩን ከሰውዬው ደካማነት ላይ አንስቶ ሥራው ወደተደራጀበት መንገድ ይወስደዋልና።

ከማስላክ ሥራ ለአለቃም ለቤተሰብም የሚጠቅመው ግን ከትርጉሙ ይልቅ አጠያየቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከሱዛን ጃክሰን ጋር ያወጣችው መጠይቅ 22 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። «ደክሞሃል?» ብሎ አይጠይቅም። ድካሙ በምን ያህል ጊዜ አንዴ እንደሚሰማ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱ ከ0 እስከ 6 ይሰጣል። 0 በጭራሽ ነው፤ 6 በየቀኑ። በመካከሉ በወር ጥቂት ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እያለ ይሄዳል። «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ስንት ቀን ደህና እንዳልነበረ ሲቆጥር ግን እጁ ላይ ያለው ቁጥር ራሱን ያስደነግጠዋል።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የእኛ ሰላምታ ጥያቄ ቢመስልም መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ ልጇ የታመመባትም እናት መጀመሪያ ይህን ብላ ነው ጭንቀቷን የምታወራው። መልካም ልማድ ነው፣ ማንም እንዲተወው አይፈለግም። ነገር ግን አለቃዋ ጠዋት በኮሪደሩ ሲያልፍ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ «ደህና ነኝ» ስትለው ጠየቅኳት ብሎ ካሰበ፣ ገና አልጠየቃትም።

ደህና ነኝ ባይነቱ ሌላም ሥር አለው። ለዓመታት «እሷ ካለች ነገሩ አለቀ» የተባለላት ሰው ያ ስም ሀብቷ ነው። ደክሞኛል ብትል የምታጣው እረፍትን ሳይሆን ራሷን ይመስላታል። ከሥራው ጋር የታሰሩ ሰዎችም አሉ፤ የቤት ኪራይ፣ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ አገር ቤት ያለች እናት። ዋሽንግተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ድርብ ሺፍት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ረዳት ነርስም ከዚህ አትለይም፤ በስልክ ከአገር ቤት ሲጠይቋት የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ መልስ ብትሰጥ እዚያ ያሉት ይጨነቃሉ። ብዙ ጊዜም ሰውዬው አይዋሽም። ዝለት የሚገባው በአንድ ቀን ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ፣ ትናንት የነበረበትን ሁኔታ እንደ ጤና ይቆጥረዋል። ፍሮይደንበርገር ካሴቱን እስኪሰማ ድረስ አላወቀም ነበር፤ ሙያው ይኸው ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ማነጻጸር የሚገባው ሰውዬውን ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው። ዝምተኛ ሰው ዝም ቢል ምልክት አይደለም። ተጫዋቹ ዝም ሲል ግን ነው። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ሰው ቢያረፍድ ምንም የለም፤ ለስድስት ዓመት አርፍዶ የማያውቅ ሰው በሁለት ሳምንት ሦስቴ ሲያረፍድ፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሁሌም በሰዓቱ የሚወጣ ሰው መውጣት ሲተው፣ ልብ ማለት ይገባል። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ለውጥ ደግሞ ሥራ ያልሆነችው ነገር መጥፋት ነው፤ የቡናው ጨዋታ፣ የባልደረባ ልጅ ልደት፣ የዕድር ቀን፣ የእሁድ ኳስ። ሰውዬው ለሥራው ጉልበት ለማትረፍ መጀመሪያ የሚቆርጠው ጉልበት የሚሰጠውን ነው።

ወደ ሂሳብ ባለሙያዋ እንመለስ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አለቃዋ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ደግ ሰው፣ ነገሩ ከነከነው። መጀመሪያ የሞከረው አብዛኛው ሰው የሚሞክረውን ነው። ቢሮው አስጠራትና «በጣም የደከመሽ ትመስያለሽ፣ ምነው?» አላት።

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ትንሽ እንቅልፍ ነው» አለች።

«እረፍት ውሰጂ እንጂ!»

«እሺ፣ ይቺን ሥራ ልጨርስና።»

በዚህ አለቀ። እሷም ስትወጣ አንድ ነገር ተጨመረባት፤ አሁን ደግሞ ደክማ እንዳትታይ መጠንቀቅ አለባት። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ፊቷን አሰማምራ መጣች። «በጣም የደከመሽ ትመስያለሽ» የሚለው ንግግር በቅንነት የተባለ ቢሆንም ፍርድ ነው፤ ሰው ደግሞ ለፍርድ ይከላከላል።

ሁለተኛው ንግግር ከአሥር ቀን በኋላ ተደረገ። አለቃው በዚህኛው ስለ መልኳ አንድም ቃል አላነሳም። ያየውን ብቻ፣ ቁጥሩን ጨምሮ፣ ነገራት። «ባለፈው ወር አሥራ አንድ መልእክት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልከሽልኛል። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር አንድም አልነበረም። ሐምሌ ፈቃድ ትወስጂ ነበር፣ አልወሰድሽም። ሥራሽን አልተቸሁም፤ የሰጠሁሽ ሥራ በዝቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ቀጥሎም ጠየቃት፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሌሊት ሳትነቂ ያደርሽው ስንት ቀን ነው?»

ዝም አለች። ቆጠረች። «አንድ ቀን መሰለኝ፤ እሱም ከሠርግ የመጣሁ ዕለት። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሰኞን ሳስብ።»

በንግግሩ ውስጥ የሠራው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ጥፋቱን ከእሷ ላይ አንስቶ በሥራው መጠን ላይ አደረገው። የሚቆጠር ነገር ጠየቃት። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከባዱ፣ ዝም ስትል እሱም ዝም ብሎ ጠበቃት። ብዙ አለቆች ያቺን ዝምታ አይችሏትም፤ «በቃ እንግዲህ በርቺ» ብለው ይዘጉታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰርጉ ላይ ተደስታ፣ ያን ሌሊትም ተኝታ አድራለች። ይህ ጥሩ ዜና ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከሥራ ሲርቁ ደስታው ገና ይመለሳል። ድባቴ ግን ሁሉንም ነገር ይይዛል፤ ሠርጉም ልጅም ምግብም ጣዕም ያጣል፤ «ዋጋ የለኝም» የሚል ሐሳብ፣ አንዳንዴም የሞት ሐሳብ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሥራ ክፍፍል ሳይሆን ሐኪም ነው፤ ቀጠሮውም ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስሙ ሰውን የሚያስፈራበት ዘመን ገና አላለፈም፤ ነገር ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ሌላም አለ። የደም ማነስና የታይሮይድ እጢ ችግርም ልክ እንደ ዝለት ያደክማሉ፤ ስለዚህ ለሳምንታት የማይለቅ ድካም ያለበት ሰው «ሥራ ነው» ብሎ ከመደምደሙ በፊት የደም ምርመራ ቢያደርግ ያተርፋል።

ከንግግሩ በኋላ አለቃው በቀጥታ «ሁለት ሳምንት ሂጂ» ሊላት ይችል ነበር። ሕጉም ከጎኗ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ፈቃድን ማስተላለፍ ቢቻልም ከሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም። የትርፍ ሰዓት ሥራም ወሰን አለው፤ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። እሷ ከ11፡30 እስከ 2፡30 በአምስት ቀን 15 ሰዓት ትሠራ ነበር፤ ለዚያውም ቅዳሜና እኩለ ሌሊቱ ሳይቆጠር። ማንም ስላላዘዛት ትርፍ ሰዓት ተብሎ አልተመዘገበም፤ ባለመመዝገቡም ማንም አላየውም። ሕጉን የጣሰ አለቃ ያለ አይመስልም ነበር፤ ሥራው ግን ጥሶታል።

ነገር ግን እረፍት ብቻውን ምን ያህል ይይዛል? እስራኤል ውስጥ ሚና ዌስትማንና ዶቭ ኤደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት 76 የቢሮ ሠራተኞችን ከእረፍት በፊት፣ በእረፍት ላይና ከእረፍት በኋላ መዘኗቸው። በእረፍቱ ወቅት ዝለቱ በግልጽ ቀነሰ። ከተመለሱ በሦስተኛው ቀን ከፊሉ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሰዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የነበሩበት ቦታ ላይ ነበሩ። ጥናቱ እረፍት ዋጋ የለውም አይልም፤ የወጡበት ሥራ እንደነበረ ከጠበቃቸው እረፍቱ እንደማይቆይ ነው የሚያሳየው። ለሂሳብ ባለሙያዋ ይህ ማለት፣ ፔይሮሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ከሐዋሳ ብትመለስ በመስከረም አጋማሽ ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ አለቃው ነጭ ወረቀት አወጣና «በሳምንት የምትሠሪውን ሁሉ ጻፊልኝ» አላት። አሥራ አራት ነገር ጻፈች። ከጎኑ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አስቀመጡ። ሲደመር 61 ሰዓት ወጣ። ሁለቱም ድምሩን ደግመው አዩት፤ የሂሳብ ሰዎች ናቸውና። አሥራ አራቱ ውስጥ ሁለቱ ማንም የማያነባቸው ሳምንታዊ ሪፖርቶች ነበሩ፤ እነሱ ተሰረዙ። ፔይሮሉን ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ልጅ እንዲይዘው ተወሰነ፤ እሷ ለሁለት ወር ብቻ ታየዋለች። ከእኩለ ሌሊቱ መልእክት ይልቅ ያስቸገራቸው ይህ የመጨረሻው ነው። «እኔ ብሠራው ይቀላል፤ እሱ ያበላሻል» አለች። አለቃዋም «ያበላሽ፤ ያንቺ ድርሻ የሚሆነው ማረም እንጂ መሥራት አይደለም» አላት። ለብዙ ትጉህ ሰዎች የሚከብደው ሥራ መጨመሩ ሳይሆን ሥራ ሲወሰድባቸው የሚሰማቸው ነገር ነው፤ አለቃ ይህን ካላወቀ የሰጠውን እፎይታ እንደ ቅጣት ይቀበሉታል። እሷም በመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ ነው የተቀበለችው። ፈቃዷን ከዚያ በኋላ ወሰደች።

በመስከረም መጨረሻ እንደገና ቆጠሩ። ሳትነቃ ያደረችበት ሌሊት ከአንድ ወደ ስምንት ሄዷል። የእሁዱ የሆድ ቁርጠት አልጠፋም፤ በሳምንት አንዴ የነበረው በሁለት ሳምንት አንዴ ሆኗል። ደረሰኝ ይዞ ለሚመጣው ልጅ ያላት ትዕግሥት ገና አልተመለሰም፤ ይህንንም ራሷ ናት የነገረችው፤ አልተጠየቀችም። አለቃዋ ቀጣዩን ቆጠራ ለኅዳር ቀጠረና ቀኑን በማስታወሻው ጻፈ። እሷ ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ስትሄድ አዲሱ ልጅ ፔይሮሉ ላይ 270 ብር ልዩነት ወጥቶበት ተጨንቆ ጠበቃት።

«ለ9 ይካፈላል?» አለችው።